አዲስ መስቀል ሸጦ «ቅርስ ሸጠሃል» ተብሎ ለተዘጋ ፔጅ የሚጻፍ ይግባኝ

የእጅ መስቀል፣ የብራና ሥዕልና የአንገት ጌጥ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ፌስቡክ ላይ ሳያስቡት የሚጋጩት አንድ ደንብ አለ። ታሪካዊ ቅርስ መሸጥ፣ መግዛትም ሆነ ማቅረብ ክልክል ነው ይላል። ኩባንያው ክልከላውን ያወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከሶርያና ከኢራቅ የተዘረፉ ዕቃዎች በፌስቡክ ግሩፖች እንደሚቸበቸቡ ተመራማሪዎች ካጋለጡ በኋላ ነው። ደንቡ ተገቢ ነው፤ የእኛንም አገር የብራና መጻሕፍትና ታቦታት ከሌባ ይጠብቃል። ችግሩ ያለው በሌላ በኩል ነው። ባለፈው ወር የተሠራ የናስ መስቀል በፎቶ ሲታይ ከመቶ ዓመት መስቀል ብዙም አይለይም። ከሥሩ «ጥንታዊ የላሊበላ መስቀል፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ተብሎ ከተጻፈበት ደግሞ፣ ሩቅ አገር ተቀምጦ የሚመረምረው ሰው ወይም የሚያጣራው ፕሮግራም ቅርስ ለሽያጭ እንደቀረበ ቢቆጥረው አይገርምም።

ስለዚህ በስህተት የተዘጋ ፔጅ ይግባኝ የሚያስረዳው ነገር አንድ ነው፦ ፎቶው ላይ ያለው ዕቃ ምን እንደሆነ፣ መቼና በማን እጅ እንደተሠራ። የባለሱቁ መልካምነት፣ የድካሙ ብዛት፣ የደንበኞቹ ፍቅር ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆኑም። ከዚህ በታች የማቀርበው ምሳሌ በቸርችል ጎዳና ላይ ያለ አንድ የዕደ ጥበብ ሱቅ ነው እንበል። ሦስት የእጅ መስቀሎችና ሁለት የብራና ሥዕሎች በአንድ ፖስት አወጣ፤ ፖስቱ ተነሣ፤ ቀጥሎም ፔጁ ተዘጋ።

መጀመሪያ የሚጣራው በትክክል የተዘጋው ምን እንደሆነ ነው። ሰዎች «ፔጄ ተዘጋ» ሲሉ አራት የተለያዩ ነገሮችን ማለታቸው ሊሆን ይችላል። የተዘጋው የአድሚኑ የግል አካውንት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከተዘጋና ሌላ አድሚን ከሌለ ፔጁ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም የሚያስተዳድረው ሰው አይኖረውም። የተዘጋው ራሱ ፔጁም ሊሆን ይችላል። ወይም ፔጁ ቆሞ የዕቃ ዝርዝሩ፣ ማለትም ዋጋ የተለጠፈበት ካታሎግ ብቻ ታግዶ ይሆናል። አለዚያም የማስታወቂያ አካውንቱ። አራቱም የየራሳቸው የይግባኝ በር አላቸው፤ ለካታሎግ የተጻፈ ይግባኝ ፔጅ አያስከፍትም። የግል አካውንቱን ሁኔታ ከሴቲንግ ውስጥ በ Account Status ታገኙታላችሁ። ለንግድ የተያያዙትን፣ ማለትም ፔጁን፣ ካታሎጉንና የማስታወቂያ አካውንቱን፣ በአንድ ላይ የሚያሳየው ደግሞ Business Support Home የሚባለው ቦታ ነው፦

```
business.facebook.com/business-support-home
```

እዚያ ስትገቡ ችግር ያለበት ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ዝርዝሩን ስትከፍቱት የተጣሰው ደንብ ስምና ውሳኔው የተሰጠበት ቀን ይወጣል፤ ይግባኝ የሚፈቀድ ከሆነም Request review የሚል ቁልፍ ይኖራል። ለአንድ ፖስት ብቻ ከሆነ ቁልፉ Disagree with decision ወይም ተመሳሳይ ቃል ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ገጹን ሁሉ ስክሪንሾት አንሡ፦ የደንቡን ስም፣ ቀኑን፣ የተነሣውን ፖስት፣ ለይግባኝ የተሰጠውን ጊዜ። ቁልፉ አንዴ ከተነካ በኋላ ያ ገጽ «በምርመራ ላይ» ወደሚል ሊለወጥና ዝርዝሩ ሊሰወር ይችላል።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልጨምር። ለታገደ የግል አካውንት ፌስቡክ የሚሰጠው የይግባኝ ጊዜ 180 ቀን ነው፤ ከዚያ ካለፈ አካውንቱ ለዘለቄታው ይዘጋል። ለፔጅና ለፖስት የሚሰጠውን ቀን ግን ከሰው አትጠይቁ፤ ማስታወቂያው ራሱ ላይ የተጻፈውን ያዙ። ያም ሆነ ይህ፣ ጥቂት ቀን ወስዶ ማስረጃ አሟልቶ ማቅረብ፣ በተናደዱበት ሰዓት ቁልፉን ከመጫን በብዙ ይሻላል። ከተላከ በኋላ የሚታረም ነገር የለም።

ማስታወቂያው ራሱ እውነተኛ መሆኑም መረጋገጥ አለበት። «ፔጅህ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፣ እዚህ ሊንክ ላይ ገብተህ ይግባኝ በል» የሚሉ መልእክቶች በሜሴንጀር ይመጣሉ፤ ወይም የኩባንያውን አርማ የለጠፈ ሌላ ፔጅ በፖስቱ ላይ ስማችሁን ታግ ያደርጋል። እነዚህ የይለፍ ቃል መስረቂያ ናቸው። እውነተኛው ውሳኔ ምንጊዜም ከላይ በጠቀስኩት ቦታ ውስጥ ይታያል፤ እዚያ ከሌለ የለም። ኢሜይል ከመጣም ላኪው በ @facebookmail.com የሚያልቅ መሆኑን እዩ፤ ይህም አልበቃ ካላችሁ Accounts Centre ውስጥ በ Password and security ሥር Recent emails የሚል አለ፤ ኩባንያው በቅርቡ የላከላችሁ የደኅንነት ኢሜይሎች እዚያ ይታያሉ። በቴሌግራም «የተዘጋ ፔጅ እናስከፍታለን» እያሉ ቅድሚያ ብር የሚጠይቁትም አሉ። የይለፍ ቃል ወይም በስልክ የመጣ ኮድ የጠየቀ ሰው ሊያስከፍትላችሁ አልመጣም፤ የቀረውን ሊወስድ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ፤ አብዛኛው ሥራ እዚህ ነው።

ለመስቀሎቹ ከሁሉ የሚጠቅመው ዕቃው ሲሠራ የሚያሳይ ፎቶ ነው። የናስ መስቀል በብዛት የሚወጣው በሰም ነው፤ ሠሪው በሰም ቅርጹን ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው የቀለጠ ናስ ይፈስበታል። ከቅርጹ እንደወጣ ያለው መስቀል ጠርዙ ያልተሞረደ፣ ቢጫው ገና ያልደበዘዘ ነው። ያን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል፤ በተለይ በፖስቱ ላይ ያለው መስቀል ራሱ መሆኑ በሐረጉ ጥልፍልፍ ከታወቀ። ሠሪው በሌላ ከተማ ካለ በስልኩ አንሥቶ እንዲልክ ጠይቁት። ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፋይል እንጂ እንደ ተራ ፎቶ አይላከው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ የተነሣበት ቀን መረጃም ይጠፋል።

ለብራናው ደግሞ ጀርባውን አንሡ። አዲስ የፍየል ወይም የበግ ብራና ጀርባው ነጣ ያለ ነው፣ የመፋቂያው ምልክት ይታይበታል። ከፊት በኩል ቀለሙ በጭስ ወይም በሻይ ውኃ እንዲደበዝዝ የተደረገበት ሥራ ገበያ ላይ አለ፤ ገዢ ያረጀ መልክ ስለሚወድ ነው። ፔጅ ከሚያስዘጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ደግሞም አሳሳች ነው። ዕቃችሁ እንዲህ ከሆነ በይግባኙ ውስጥ አትደብቁት፤ «ቀለሙ ያረጀ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ አዲስ ሥዕል ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። መርማሪው ፎቶውን አይቶ «ይህማ አሮጌ ነው» እንዳይል የሚያደርገው ይህ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

የአንገት ጌጥ የሚሸጥ ሱቅ ሌላ ወጥመድ አለበት። ማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የተንጠለጠለበት ጌጥ ላይ 1780 የሚል ቁጥር ጎልቶ ይታያል። ይህ ሳንቲም ግን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም እስከ ዘመናችን ድረስ ያንኑ 1780 ቁጥር እንደያዘ ሲመታ የኖረ ነው፤ ቁጥሩ የተሠራበትን ዓመት አይናገርም። ይህን የማያውቅ መርማሪ ቁጥሩን አይቶ ይወስናል። እንዲህ ያለ ጌጥ በፖስቱ ካለ በይግባኙ አንድ መስመር ይገባዋል። በእጃችሁ ያለው በእርግጥ የቆየ ሳንቲም ከሆነ ግን ይህን መስመር አትጻፉ።

ቀጥሎ ወረቀት። የንግድ ፈቃድና የንግድ ምዝገባ፣ ከሠሪው የተገዛበት ደረሰኝ፣ ከተገኘም ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ። ይህን የመጨረሻውን የሚሰጠው የቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ የዕደ ጥበብ ዕቃ ከአገር ይዘው የሚወጡ ቱሪስቶች ኤርፖርት ላይ ችግር እንዳይገጥማቸው ዕቃቸውን አስመርምረው የሚወስዱት ወረቀት ነው። ሱቁ ውጭ አገር የሚልክ ከሆነ ከዚህ በፊት ለተመሳሳይ ዕቃ ያገኘው ማረጋገጫ ሊኖር ይችላል፤ ካለ ከሁሉም ማስረጃ ፊት ይቀመጥ። መንግሥት ራሱ «ይህ ቅርስ አይደለም» ካለ መርማሪው ላይ የሚቀርለት ጥርጣሬ ትንሽ ነው። ከሌለ ግን ይግባኙን ለማዘግየት ምክንያት አይሁን፤ የሥራው ፎቶና ደረሰኙ ይዘው ይቆማሉ።

ወረቀቶቻችን ላይ ያለው ቀን ራሱ ችግር ይፈጥራል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ፈቃድ ለፈረንጅ መርማሪ ጊዜው ያለፈበት ይመስላል። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 የሚያገለግል ፈቃድ በእነሱ ቀን እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ማለት ነው፤ እሱ ግን 2017ን ብቻ አይቶ ከስንት ዓመት በፊት የሞተ ወረቀት ነው ይላል። ደረሰኙም እንዲሁ፤ 12/03/2017 የሚለው ኅዳር 12 ነው፣ ይህም ኖቬምበር 21 ቀን 2024። መርማሪው ማርች 12 ቀን 2017 ወይም ዲሴምበር 3 ብሎ ያነብበዋል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ አትሰርዙ፣ አትጨምሩም፤ በዋናው ሰነድ ላይ የተጻፈ ጭረት ሁሉ የተነካካ ያስመስለዋል። ፎቶውን ካነሣችሁ በኋላ ከሥሩ ባዶ ቦታ አድርጋችሁ እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ሁለቱን ቀናት አስተያዩ። ስሙም ይታይ፦ ፈቃዱ ላይ በአማርኛ የተጻፈው የንግድ ስምና በፔጁ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው አንድ መሆናቸውን ከዚያው ከሥሩ በአንድ መስመር ግለጹ። በፔጁ ስምና በፈቃዱ ስም መካከል ጨርሶ ዝምድና ከሌለ፣ ለምሳሌ ፈቃዱ በባለቤቱ ስም ከሆነ፣ የባለቤቱን የፋይዳ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አያይዙ።

ማስረጃው ሲሟላ ጽሑፉ ቀላል ነው። የሚጻፍበት ሳጥን አንዳንዴ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ ሳጥን የለም፣ ምክንያት ከተዘረዘሩት መምረጥ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጽሑፉን ቀድሞ በሌላ ቦታ አዘጋጅቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ብቻቸውን ቢላኩም እንዲበቁ አድርጎ መጻፍ የሚሻለው። ለምሳሌው ሱቅ እንዲህ ይሆናል፦

«ይህ ይግባኝ በኖቬምበር 25 ቀን 2024 ስለለጠፍነው አንድ ፖስት ነው፤ ሦስት የናስ መስቀሎችና ሁለት የብራና ሥዕሎች ያሉበት። ውሳኔው ታሪካዊ ቅርስ መሸጥን የሚከለክለውን ደንብ ይጠቅሳል። በፎቶው ላይ ያሉት አምስቱም ዕቃዎች በ2024 የተሠሩ አዲስ የዕደ ጥበብ ሥራዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ቅርስ አይደሉም።

መስቀሎቹን በአክሱም ከሚሠራ ባለሙያ በኖቬምበር 21 ቀን 2024 ገዝተናቸዋል፤ ደረሰኙ ተያይዟል። አንደኛው ፎቶ ከመካከላቸው ትልቁን ከቅርጽ ማውጫው እንደወጣ ያሳያል። ሥዕሎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በአዲስ የፍየል ብራና ላይ የተሣሉ ናቸው፤ ቀለማቸው ያረጀ እንዲመስል ተደርጓል፣ ሁለተኛው ፎቶ ግን አዲሱን ጀርባቸውን ያሳያል።

በመግለጫው ላይ ጥንታዊ የሚል ቃል ጽፈናል። ቃሉን የተጠቀምነው ለቅርጹ ዓይነት ነው፤ የላሊበላ መስቀል የሚባለው ቅርጽ ዛሬም በብዛት ይሠራል። ዕቃው ራሱ የጥንት ዘመን ነው ለማለት እንዳልሆነ እንገልጻለን፤ ፔጁ ሲከፈት መግለጫውን እናርማለን።

ሱቃችን በኢትዮጵያ ሕግ የተመዘገበ ነው፤ ፈቃዱ ተያይዟል፣ ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፈዋል። ፔጁ በሰው ተመርምሮ እንዲከፈት እንጠይቃለን።»

ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግም። የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻውን ቢላክ እንኳ ፖስቱን፣ ደንቡንና መልሱን ይዟል። መርማሪው በእጁ ብዙ ጉዳይ አለ፤ የትኛው ፖስት እንደሆነ ፈልጎ እንዲያገኝ ካደረጋችሁት የጠፋው ጊዜ ከእናንተ ጉዳይ ላይ ይቀነሳል። ሦስተኛው አንቀጽ ብዙ ባለሱቅ ሊዘለው የሚፈልገው ነው። ግን የውሳኔው ምክንያት ምናልባት ያ ቃል ነው፤ ካልተነሣ መርማሪው ራሱ ያነሣዋል፣ ያኔ ደግሞ ማብራሪያ የሚሰጠው የለም። «እናርማለን» ማለት ጥፋት ማመን አይደለም። ዕቃው አዲስ ነው የሚለው ቃል እንዳለ ቆሞ፣ መግለጫው ብቻ ግልጽ ይደረጋል።

ምን እንዳልተጻፈም ልብ በሉ። ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ጠፋው ገቢ የለም። ይህ ኑሮ እውነት ነው፤ ሆኖም መርማሪው የሚወስነው ደንቡ ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም በሚለው ብቻ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ዋናውን መስመር ይገፋዋል። «ሌሎች ፔጆችም ይህንኑ እየሸጡ ነው» የሚለውም የለም፤ የእናንተን ዕቃ ንጹሕነት አያሳይም፣ ሌላውን ባልደረባ ግን ያስመታል። ፍርድ ቤት እወስዳችኋለሁ የሚለው ደግሞ ጉዳዩን ከመርማሪው እጅ ወደ ሕግ ክፍል ሊገፋው ይችላል።

ጽሑፉ በምን ቋንቋ ይሁን የሚለው ይጠየቃል። በአማርኛ የተጻፈ ይግባኝ አይጣልም፤ ግን ማን እንደሚያነብበው አይታወቅም፣ በማሽን ተተርጉሞ የሚያነብብ መርማሪ ከደረሰው እዚያው «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ላይ እንደገና ይሰናከላል። እንግሊዝኛ በሚያውቅ ሰው አስተርጉማችሁ ላኩት፤ ተርጓሚው መስቀሉን «አንቲክ» እንዳይለው አስጠንቅቁት። «በባህላዊ ቅርጽ አዲስ የተሠራ» የሚለውን ሐሳብ ይያዝ።

ዕቃው በእርግጥ አሮጌ ከሆነስ? ከአያት የተወረሰ ብራና፣ ከገጠር ቤተ ክርስቲያን የወጣ መስቀል ከሆነ ይግባኝ አትጻፉ። እዚያ ላይ የፌስቡክ ደንብ ትንሹ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በሱቁ ውስጥ ካለ የሚሄደው ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ አዲስ ነው ብሎ ለፌስቡክ መጻፍም የሐሰት ማስረጃ መተው ነው።

ይግባኙ ከተላከ በኋላ መልሱ በሰዓታት ሊመጣ ይችላል፣ ሳምንታትም ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሐል ትልቁ ስህተት በሌላ ስም አዲስ ፔጅ ከፍቶ እነዚያኑ ፎቶዎች መለጠፍ ነው። ፌስቡክ የተዘጋን ፔጅ ለመተካት የተከፈተን ፔጅ እንደ ማምለጫ ይቆጥረዋል፤ አዲሱ ይዘጋል፣ የአድሚኑም አካውንት አብሮ ሊታገድ ይችላል፣ በምርመራ ላይ ያለው ይግባኝም ጥላ ያርፍበታል። ለደንበኞች በቴሌግራም ቻናል ወይም በስልክ አሳውቁ፤ ትእዛዝ ተቀብላችሁ ያላደረሳችሁት ካለ ዝርዝሩን አሁኑኑ ከማስታወሻና ከባንክ መልእክት ሰብስቡ፣ የሜሴንጀር ወጎች ፔጁ እስኪከፈት አይታዩም ይሆናል። ለማስታወቂያ የተያያዘ ካርድ ካለ እየተቆረጠ አለመሆኑን ተመልከቱ።

መልሱ «ውሳኔው ጸንቷል» ከሆነ ሁለት መንገዶች ይቀራሉ። አንደኛው በ Business Support Home ውስጥ ከሰው ጋር የመጻጻፊያ መስመር ነው፤ ለሁሉም አይታይም፣ ማስታወቂያ ከፍለው ለሚያውቁ ፔጆች ግን የመታየት ዕድሉ ሰፊ ነው። እዚያ የቀደመውን ጽሑፍ አትድገሙት፤ የጉዳዩን ቁጥር ስጡና ያልታየውን አንድ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫውን፣ አቅርቡ። ሁለተኛው Oversight Board የሚባለው ራሱን የቻለ አካል ነው። ለዚያ የሚሆኑ ውሳኔዎች በማስታወቂያው ላይ የማመልከቻ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ ከመጨረሻው ውሳኔ ጀምሮ ያለው ጊዜ 15 ቀን ብቻ ነው። ቦርዱ የሚያየው ጥቂት ጉዳይ ስለሆነ ተስፋ የሚጣልበት በር አይደለም። ማመልከት ግን ነጻ ነው።

ሱቁ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ሆኖ የሐበሻ መስቀልና ጀበና የሚሸጥ ሰው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ይጠብቀዋል፤ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መድረኩ የዘጋበትን ምክንያት ለይቶ መግለጽ አለበት፤ ውሳኔው የተሰጠው በማሽን መሆን አለመሆኑንም ጭምር። ቅሬታ ለማቅረብ ቢያንስ ስድስት ወር ይሰጣል፣ በነጻ ነው፣ ቅሬታውንም ማሽን ብቻውን ሊወስነው አይችልም። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ዕውቅና ወደተሰጣቸው ከፍርድ ቤት ውጭ ክርክር ፈቺ አካላት መሄድ ይቻላል፤ የእነሱ ውሳኔ መድረኩን አያስገድድም፣ መልስ እንዲሰጥ ግን ያደርገዋል። አዲስ አበባ ላለ ሱቅ ይህ በር አይከፈትም፤ ዕቃው አውሮፓ ስለሚላክ ብቻም አይሠራም። ባለሱቁ እዚያ የተቋቋመ ወይም እዚያ የሚገኝ መሆን አለበት።

ፔጁ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሠራው አዲስ ዕቃ መለጠፍ አይደለም። የቆዩት ፖስቶች ውስጥ «ጥንታዊ»፣ «ታሪካዊ»፣ «ቅርስ» የሚሉትን ፈልጋችሁ አርሙ፤ አንዱ ከተነሣ ተመሳሳይ ቃል ያለበት ሌላውም ሊነሣ ስለሚችል። በይግባኙ ላይ «እናርማለን» ያላችሁት በጽሑፍ የሰፈረ ቃል ነው፤ ሳታርሙ ሁለተኛ ጊዜ ቢዘጋ የሚቀጥለው መርማሪ ያንን ያነብበዋል። ሁለተኛ ታማኝ አድሚን ጨምሩ፤ የአንዱ አካውንት ቢታገድ በሌላው በኩል ይግባኝ ይባላል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ መስቀል ከሠሪው ሲመጣ፣ ሳይወለወል በፊት፣ ደረሰኙ ከጎኑ ተደርጎ ፎቶ ይነሣ፤ ይህ ፎቶ የሚለጠፍ አይደለም፣ የሚቀመጥ ነው። በሚለጠፈው ላይ ደግሞ መግለጫው እንዲህ ቢሆን በቂ ነው፦ «በእጅ የተሠራ አዲስ የናስ መስቀል፣ የላሊበላ ቅርጽ፣ ቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር፣ አክሱም የተሠራ፣ በ2017 ዓ.ም.»። ይህ መግለጫ ለገዢውም የበለጠ ይነግረዋል።